የትራንስፎርመር እውነተኛ ዋጋ በምን ይለካል? የጎባ ወፍጮ ቤት ስሌት

በባሌ ደጋ፣ በጎባና በሮቤ አካባቢ፣ የስንዴና የገብስ ምርት ላይ የተመሠረተ የዱቄት ወፍጮ ወይም የዘር ማበጠሪያ ለማቋቋም የሚነሣ ማኅበር ከሚገጥሙት የመጀመሪያ ትላልቅ ወጪዎች አንዱ የትራንስፎርመር ግዥ ነው። በጨረታ ከሚቀርቡት ዕቃዎች መካከል ዋጋው ዝቅተኛ የሆነውን መምረጥ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ትራንስፎርመር ከተገዛ በኋላም ለ25 ዓመታት ያህል በየሰዓቱ የሚያስከፍል ዕቃ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ስውር ክፍያ ከግዥው በፊት እንዴት ማስላት እንደሚቻል፣ እንዲሁም ከሲሊከን ስቲልና ከአሞርፈስ ብረት ከተሠሩ ትራንስፎርመሮች መካከል የትኛው መቼ እንደሚመረጥ ያብራራል።

ጉዳዩ ዛሬ በአዲስ መልክ መታየት የሚገባው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው ከፍ ብሏል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ በአራት ዓመታት ውስጥ እንዲሻሻል ተወስኗል። የመጀመሪያው የግዥውን ዋጋ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚባክነውን ኃይል ዋጋ ይለውጣል። በመሆኑም ቀደም ሲል በነበሩት ዋጋዎች ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ ምክር ዛሬም እንዳለ ይሠራል ማለት አይቻልም።

ሁለቱ የብክነት ዓይነቶች

ትራንስፎርመር ከመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር፣ ለምሳሌ ከ15 ወይም ከ33 ኪሎ ቮልት፣ ኃይል ተቀብሎ ለወፍጮው ሞተርና ለመብራት ወደሚስማማ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይለውጣል። በዚህ ሂደት ሁለት ዓይነት ብክነት ይፈጠራል።

የመጀመሪያው ያለ ጭነት የሚፈጠር ብክነት ነው። ጥቅል ሽቦዎቹ የተጠመጠሙበት ኮር ወይም የብረት እምብርት በሰከንድ 50 ዑደት እየተመላለሰ መግነጢስ ይሆናል። በእያንዳንዱ ዑደት ብረቱ ጥቂት ኃይል ወስዶ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ወፍጮው ቢሠራም ባይሠራም፣ ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን፣ መስመሩ እስካልተቋረጠ ድረስ ይህ ብክነት አያቆምም።

ሁለተኛው የጭነት ብክነት ሲሆን በጥቅል ሽቦዎቹ ውስጥ ኃይል በሚያልፍበት ጊዜ ይፈጠራል። መጠኑ ከጭነቱ ስኩዌር ጋር ይሄዳል። ጭነቱ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ይጠፋል።

ሲሊከን ስቲልና አሞርፈስ ብረት የሚለያዩት በዋናነት በመጀመሪያው ብክነት ነው። የሲሊከን ስቲል ኮር ከ0.23 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ከሚደርሱ ቀጫጭን ንጣፎች ይሠራል። አሞርፈስ ብረት የሚገኘው ግን የቀለጠ ብረት በፍጥነት በሚሽከረከር ጎማ ላይ ፈስሶ በሰከንድ ወደ አንድ ሚሊዮን ዲግሪ በሚጠጋ ፍጥነት ሲቀዘቅዝ ነው። አተሞቹ እንደተለመደው ብረት በክሪስታል መልክ ለመሰለፍ ጊዜ ስለማያገኙ የመግነጢሱን አቅጣጫ ለመለዋወጥ የሚያስፈልገው ኃይል አነስተኛ ይሆናል። የጥብጣቡ ውፍረት 0.025 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑም በብረቱ ውስጥ የሚሽከረከሩ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ጅረቶችን ይቀንሳል።

ብክነትን ወደ ግዥ ዋጋ መለወጥ

እንደ ምሳሌ በጎባ አቅራቢያ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር የሚያስፈልገው የወፍጮ ማኅበር አለ እንበል። ሁለት ዕቃዎች ቀርበውለታል። በቻይና ደረጃዎች ኤስ 11 በሚባለው ክፍል የሚመደብ የሲሊከን ስቲል ትራንስፎርመር በዚህ መጠን ያለ ጭነት 200 ዋት ያባክናል። ኤስ ኤች 15 የሚባለው የአሞርፈስ ክፍል ደግሞ 75 ዋት ያባክናል። የሁለቱም የሙሉ ጭነት ብክነት 1,500 ዋት ነው። ስለዚህ ልዩነታቸው 125 ዋት ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ የቀድሞ አምፖል ፍጆታ ብዙም አይበልጥም።

ነገር ግን ዓመት 8,760 ሰዓታት አሉት። 125 ዋት በዓመት 1,095 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም አንድ ቤተሰብ በ22 ወራት ገደማ የሚፈጀው ኃይል ነው።

ይህን ወደ ብር ለመለወጥ የኃይሉን ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል። ለስሌት እንዲመች አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 5 ብር ነው ብለን እንውሰድ፤ አንባቢ በዚህ ምትክ የራሱን ታሪፍ ማስገባት ይችላል። ዓመቱን ሙሉ የሚባክን አንድ ዋት 8.76 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚሆን በዓመት 43.80 ብር ያስወጣል። ከ20 ዓመት በኋላ የሚከፈል ብር ዛሬ ከሚከፈለው ጋር እኩል ስላልሆነ የ25 ዓመቱን ወጪ በቀጥታ መደመር አይገባም። ገንዘቡ በ10 በመቶ ወለድ ቢታሰብ ለ25 ዓመታት በየዓመቱ የሚከፈል 1 ብር ዛሬ ያለው ዋጋ 9.08 ብር ገደማ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 398 ብር ይመጣል። በኮሩ ውስጥ የሚባክን እያንዳንዱ ዋት በግዥው ዕለት የ398 ብር ዕዳ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ባለሙያዎች የብክነት ካፒታላይዜሽን የሚሉት ይህንን ነው።

የጭነት ብክነት አንድ ዋት ዋጋ ከዚህ ያነሰ ነው። ወፍጮው በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በ60 በመቶ ጭነት ቢሠራ፣ የ60 በመቶ ስኩዌር 36 በመቶ ነው። የሥራ ሰዓቱ ከሳምንቱ ሰዓታት 29 በመቶ ያህል ነው። ሁለቱ ሲባዙ 10 በመቶ ገደማ ስለሚሆን አንድ የጭነት ብክነት ዋት ዋጋው 41 ብር ብቻ ይሆናል። እንዲህ በከፊል ጭነት ለሚሠራ ተቋም ከጥቅል ሽቦው ይልቅ የኮሩ ጥራት ይበልጥ ዋጋ አለው። በአንጻሩ ቀንና ሌሊት በከፍተኛ ጭነት በሚሠራ የከተማ ትራንስፎርመር ላይ ሚዛኑ ወደ ጥቅል ሽቦው ያጋድላል።

የሲሊከን ስቲሉ ዋጋ 600,000 ብር፣ የአሞርፈሱ ደግሞ 640,000 ብር ቢሆን፣ ለመጀመሪያው 79,600 ብር የኮር ብክነትና 61,500 ብር የጭነት ብክነት ሲደመር 741,100 ብር ይመጣል። ለሁለተኛው የኮር ብክነቱ 29,850 ብር፣ የጭነት ብክነቱ ያው 61,500 ብር ስለሆነ ድምሩ 731,350 ብር ይሆናል። በግዥ ዋጋ 40,000 ብር የሚወደደው ዕቃ በዕድሜ ዘመን ወጪ በ9,750 ብር ይረክሳል።

ውጤቱ የሚገለበጥበት ሁኔታ

ከላይ የታየው ውጤት በማንኛውም ሁኔታ አሞርፈስ ይሻላል ማለት አይደለም። በዚህ ስሌት መሠረት ለአሞርፈሱ ሊጨመር የሚገባው ከፍተኛ ገንዘብ 125 በ398 ሲባዛ የሚገኘው 49,750 ብር ነው። የዋጋ ልዩነቱ ከዚህ በላይ ከሆነ ሲሊከን ስቲሉ ይመረጣል።

የገንዘቡ ምንጭም ውሳኔውን ይለውጣል። ማኅበሩ በ15 በመቶ ወለድ ተበድሮ የሚገዛ ከሆነ ማባዣው ከ9.08 ወደ 6.46 ይወርዳል፤ የአንዱ ዋት ዋጋም 283 ብር ይሆናል። በዚህ ጊዜ 125 ዋት የሚያወጣው 35,375 ብር ስለሆነ ለአሞርፈሱ 40,000 ብር መጨመር አያዋጣም። ይሁንና በዚያው ወለድ የኃይሉ ዋጋ ከ5 ወደ 7 ብር ከፍ ቢል የ125 ዋቱ ዋጋ ተመልሶ ወደ 49,500 ብር ይጠጋል። ታሪፉ በሚሻሻልበት በዚህ ወቅት የዛሬውን ታሪፍ ብቻ ይዞ ለ25 ዓመታት ማስላት ብክነቱን አሳንሶ መገመት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሌላው መጣራት ያለበት የቆጣሪው ቦታ ነው። ቆጣሪው በመካከለኛ ቮልቴጅ በኩል ከተተከለ የትራንስፎርመሩ ብክነት በደንበኛው ሒሳብ ላይ ይታያል። በዝቅተኛ ቮልቴጅ በኩል ከተተከለ ግን ብክነቱን አቅራቢው ድርጅት ይሸከማል። በሁለተኛው ሁኔታ ዕቃውን የሚገዛው ደንበኛ፣ ብክነቱን የሚከፍለው ሌላ ስለሚሆን ርካሹን የመግዛት ፍላጎት ያይላል። ወጪው ግን ከአገር አይወጣም፤ በሌላ መንገድ ወደ ታሪፍ ይመለሳል።

ለባሌ ደጋ መታየት ያለባቸው ነጥቦች

አሞርፈስ ብረት የሚሸከመው የመግነጢስ መጠን 1.56 ቴስላ ገደማ ሲሆን ሲሊከን ስቲል ወደ 2 ቴስላ ይጠጋል። በዚህ ምክንያት የአሞርፈሱ ኮር ይገዝፋል፤ ክብደቱም ይጨምራል። ትራንስፎርመሩ በምሰሶ ላይ የሚሰቀል ከሆነ የምሰሶው አቅም አስቀድሞ መታየት አለበት። ብረቱ በቀላሉ የሚሰባበር በመሆኑ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ ሲጓጓዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሲቃጠል ኮሩን ፈትቶ መልሶ መግጠምም ከሲሊከን ስቲሉ ይከብዳል። የጥገና አገልግሎቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ከግዥው በፊት መጠየቅ ይገባል።

ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የተለመደው ዓለም አቀፍ ደረጃ ትራንስፎርመርን የሚመዝነው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዙ ይደክማል፤ ስለዚህ በተፈጥሮ አየር ለሚቀዘቅዝ ባለ ዘይት ትራንስፎርመር የተፈቀደው የሙቀት ጭማሪ በየ400 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ለጎባ ይህ አራት ዲግሪ ያህል ነው። ከፍታው በግዥ ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ አቅራቢው ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ዕቃ ሊያቀርብ ይችላል።

የተባለው ብክነት እውነት መሆኑ እንዴት ይረጋገጣል?

የኮር ብክነት በዓይን አይታይም፤ ይለካል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ወገን ክፍት ሆኖ በዝቅተኛው ወገን ሙሉው ቮልቴጅ ሲሰጥ በዋት መለኪያ ላይ የሚነበበው ቁጥር ያለ ጭነት የሚባክነው ኃይል ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ አጠቃላይ ብክነቱ ከ10 በመቶ በላይ እስካልጨመረ ድረስ እያንዳንዱ ብክነት ከተገባው ቃል እስከ 15 በመቶ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ስለሆነም 75 ዋት ተብሎ የተሸጠ ዕቃ 83 ዋት ቢለካ ተመላሽ ላይደረግ ይችላል። ነገር ግን በውሉ ላይ ለእያንዳንዱ ትርፍ ዋት የሚቀነስ ገንዘብ ከተጻፈ፣ በላይኛው ስሌት 8 ዋት በ398 ብር ተባዝቶ 3,184 ብር ከክፍያው ይቀነሳል።

ስለዚህ የግል ትራንስፎርመር ለመግዛት የሚዘጋጁ ደንበኞች ከአቅራቢው በጽሑፍ መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ቁጥሮችን ነው፦ ያለ ጭነት የሚባክነውን ዋት፣ በሙሉ ጭነት የሚባክነውን ዋት፣ እንዲሁም የዚያው ዕቃ መለያ ቁጥር የሰፈረበትን የፋብሪካ የሙከራ ውጤት። እነዚህ ሳይያዙ የቀረበ ዋጋ የወጪውን አንድ ክፍል ብቻ ያሳያል። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ከተጠገነም ይኸው ልኬት መደገም አለበት፤ በጥንቃቄ ያልተገጠመ ኮር ሥራውን እየሠራ፣ በዝምታ ከቀድሞው የበለጠ ኃይል ሊያባክን ይችላልና።