በትኬቱ ላይ ያልተጻፈው ክፍያ

ባለፈው ቅዳሜ በፈላና በር አጠገብ ያገኘሁት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድም፣ ዐሥር ጨዋታዎች የተደረደሩበትን የውርርድ ትኬት አሳየኝ። «ዘጠኙን አግኝቼ በአንዷ ተቃጠለብኝ» አለኝ። እርሱ አንዲቱን ጨዋታ ይወቅሳል፤ እኔ ግን ገንዘቡ መወሰድ የጀመረው ኳሱ ከመመታቱ በፊት ነው እላለሁ። «ቁማር አትጫወቱ» የሚለውን ምክር ደጋግመን ሰምተናል፤ ሒሳቡን ግን አብረን አልሠራነውም።

እስቲ አንድ ጨዋታ እንውሰድ። አቋማሪው ቤት ለባለሜዳው ማሸነፍ 2.10፣ ለአቻ 3.30፣ ለእንግዳው ማሸነፍ 3.40 ኦድ ሰጠ እንበል። በባለሜዳው ላይ መቶ ብር ለመቀበል 100 ለ2.10 ሲካፈል የሚገኘውን 47.62 ብር ማስያዝ ያስፈልጋል። በዚሁ ስሌት ለአቻው 30.30፣ ለእንግዳው 29.41 ብር ይሆናል። ሦስቱንም የገዛ ሰው ውጤቱ ምንም ይሁን ምን መቶ ብር ይቀበላል፤ የከፈለው ግን 107.33 ብር ነው። ከመቶ በላይ ያለችው 7.33 የቤቱ ህዳግ ናት።

ይህች ህዳግ በኦዱ ውስጥ የምትገባው እንዲህ ነው። ቤቱ አስቀድሞ የየውጤቱን ዕድል ይገምታል፤ በምሳሌያችን 44.4፣ 28.2 እና 27.4 በመቶ ቢሆን ድምሩ ልክ መቶ ነው። ለዚህ ግምት የሚገባው ኦድ 2.25፣ 3.55 እና 3.65 ገደማ ነበር። ቤቱ ግን ከእያንዳንዱ ጥቂት ሸርፎ ይለጥፋል። ስለዚህ ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ ከሚያዘው መቶ ብር በአማካይ 93.17 ብር ብቻ ይመለሳል።

«ሰባት ብር ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። የዐሥር ጨዋታው ትኬት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ኦዶቹ እርስ በርስ ሲባዙ ሽርፋቱም አብሮ ይባዛል። በየጨዋታው ያለው ህዳግ ተመሳሳይ ከሆነ፣ በአምስት ጨዋታ ትኬት ከመቶ ብር በአማካይ የሚመለሰው 70 ብር፣ በዐሥር ጨዋታ ደግሞ 49 ብር ያህል ነው። የሚያጓጓው ታላቅ የሽልማት ቁጥር የተጻፈበት ትኬት ከግማሽ በላይ ለቤቱ የሚያስቀር ትኬት ነው።

ስሌቱን ስትሠሩ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የምትደምሯቸው ውጤቶች የማይደራረቡና ሁሉንም አማራጭ የሚያሟሉ ይሁኑ። «ባለሜዳው ያሸንፋል ወይም አቻ» የሚሉ ጥምር ምርጫዎች ስለሚደራረቡ፣ የሦስቱ ድምር ያለ ህዳግም 200 ይሆናል፤ የእነርሱን ህዳግ ለማወቅ ከ200 በላይ ያለውን ለሁለት ማካፈል ነው።

ወንድማችን በዚያው ትኬቱ ጀርባ ላይ ይህን ሒሳብ ሠራው። አንዲቱ ጨዋታ ባትከዳውም ኖሮ፣ ዋጋው አስቀድሞ እንደተሸረፈበት አየ። እናንተም ቀጣዩን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች አካፍላችሁ ደምሩ፤ ድምሩ ከመቶ ምን ያህል እንደሚያልፍ እዩና ያን ገንዘብ ለማን እንደምትከፍሉ ራሳችሁን ጠይቁ።