«ዋጋው ስንት ነው?» ላለው ማን ይመልስ?

ሰፈራችን ውስጥ ኬክ የምትጋግር ጎረቤት አለችኝ። እትዬ ነው የምላት። ባለፈው የምረቃ ሰሞን ሱቋ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ አንዲት ሴት ገባችና ምንም ሳትገዛ ትቆጣ ጀመር። «ሦስት ቀን ሙሉ በፌስቡክ ጻፍኩላችሁ! የማትመልሱ ከሆነ ለምን ትለጥፋላችሁ?» አለች። መልስ አልጠበቀችም፣ ወጥታ ሄደች።

እትዬ ክው አለች። ለዚሁ ጉዳይ በየወሩ 12,000 ብር ትከፍላለቻ! ገጿን «የሚያስተዳድርላት» አንድ ልጅ አለ። ስምምነታቸው በአንድ መስመር ያልቃል፦ በወር 15 ፖስት። ልጁም ቃሉን አላጠፈም። አሥራ አምስቱንም ይለጥፋል። «እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ» የሚል አለ፣ «መልካም ሰኞ» የሚል አለ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የውጭ አገር ኬክ ፎቶ ላይ የእትዬ ዓርማ የተለጠፈበትም አለ። እትዬ እንደዚያ ያለ ኬክ በሕይወቷ ጋግራ አታውቅም።

«እስኪ አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው፣ ይኼን ነገር እይልኝ» አለችኝ። ላይ ስል ግን ለካ ገጹን እሷ ራሷ ማየት አትችልም። የሱቋ ስም ያለበት ገጽ የመልእክት ሣጥን የሚከፈተው በልጁ ስልክ ብቻ ነው። እንዲያስገባት ለምነነው፣ «ሥራ በዛብኝ» እያለ ከሁለት ሳምንት በኋላ አስገባት። ከዚያ ያንን የምረቃ ሳምንት ቁጭ ብለን ቆጠርነው።

በሰባት ቀን ውስጥ 61 ሰው ጽፏል። አብዛኛው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ዋጋ?» የቀረው «ለቅዳሜ ይደርሳል?»፣ «የጾም አላችሁ?»፣ «ስም ትጽፋላችሁ?» የሚል ነው። መልስ ያገኙት 9 ሰዎች ናቸው። መልሱም «ሰላም ውድ ደንበኛችን፣ ይደውሉልን» ነው። የቀሩት 52ቱ ገንዘባቸውን ይዘው ሌላ ቤት ሄደዋል። የእትዬ የምረቃ ኬክ 2,800 ብር ነው። ከ52ቱ ዐሥሩ ብቻ ቢገዙ 28,000 ብር ነበር። ለልጁ ከምትከፍለው ከእጥፍ ይበልጣል።

እንግዲህ ጥቤ እዚህ ላይ ነው። አንድ ትንሽ ሱቅ ገጽ የሚከፍተው ሰው እንዲጠይቅ ነው። የሚለጠፈው ነገር ሁሉ በር ማንኳኳት ነው፣ ሽያጩ ያለው በሩን በመክፈት ላይ ነው። እኛ ግን የወር ክፍያውን የምንተምነው በፖስት ብዛት ሆነ። በቁና እንደሚሰፈር እህል «በወር 12፣ በወር 15፣ በወር 20» እንላለን። መልስ መስጠት ውል ውስጥ የለም፤ የሌለውን ደግሞ ማንም አይሠራውም።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። በተዘጋጀ ቅርጽ ላይ ጽሑፍ የሚቀያየርበት ዓይነት ፖስተር ለለመደ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። 15ቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናሉ። 12,000 ብር ለሰባት ሰዓት ተኩል ሲካፈል በሰዓት 1,600 ብር ይመጣል። በዚያው ብር ሌላ ሥራ ማሠራት ይቻላል። በወር ሁለት ጊዜ ሱቁ ድረስ መጥቶ የራሷን ኬክ፣ የራሷን ምድጃ፣ የራሷን እጅ ፎቶና ቪዲዮ ማንሳት፦ 8 ሰዓት። ከዚያ ላይ ስምንት ጥሩ ፖስት ማዘጋጀት፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል፦ 12 ሰዓት። በሥራ ቀናት በየቀኑ ተደማምሮ አንድ ሰዓት ለጠያቂ መልስ መስጠት፦ 26 ሰዓት። በወሩ መጨረሻ ቆጥሮ ማሳየት፦ 2 ሰዓት። ጠቅላላው 48 ሰዓት ነው፣ በሰዓት 250 ብር። ልብ በሉ፣ ፖስቱ በግማሽ ቀነሰ፣ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ መልስ ሆነ። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው።

መልስ ሲባልም ዝም ብሎ «ሰላም» ማለት አይደለም። ውሉ ላይ ሰዓቱ ይጻፍ፦ ለምሳሌ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የጠየቀ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ ያገኛል፣ ሌሊት የጻፈ ጠዋት ይመለስለታል። ልጁ እንዲመልስ ደግሞ እትዬ የዋጋ ዝርዝሯን በወረቀት ትስጠው፦ ስንት ኪሎ ስንት ብር፣ ስንት ቀን ቀደም ብሎ ማዘዝ እንደሚያስፈልግ፣ ማድረሻው እስከየት እንደሆነ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለውን ፈሊጥም ተዉት። ዋጋ ምን የሚያሳፍር ነገር አለውና ነው በጓዳ የሚነገረው? «ኬካችሁ ተበላሽቶ ነው የመጣው» የሚል አቤቱታ ከመጣ ግን ልጁ አይከራከር፣ ወዲያው ለባለቤቷ ያስተላልፍ።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር ልበል። ቀብድ በቀጥታ በሱቁ ሒሳብ ይግባ እንጂ ገጽ በሚያስተዳድረው ሰው ስልክ አይለፍ። ደንበኛ «ላክሁ» ብሎ የደረሰኝ ፎቶ ከላከ፣ ፎቶ አይቶ ኬክ መልቀቅ የለም። ፎቶ በቀላሉ ይሠራል። ብሩ ሒሳቧ ውስጥ መግባቱን ያየችው እትዬ «ገብቷል» ስትል ነው ትዕዛዙ ትዕዛዝ የሚሆነው።

ወደ ቁልፉ ጉዳይ ልመለስ። እትዬ ነገሩ ሲገባት ልጁን ልታሰናብተው ፈለገች። «እሺ፣ ገጹን ከፈለግሽው ግን 30,000 ብር ነው» አላት። ስሙ የእሷ፣ ኬኩ የእሷ፣ ደንበኛው የእሷ፣ ገጹ ግን የልጁ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው፣ መደረግ ያለበት ግን በመጀመሪያው ቀን ነው። የፌስቡኩን ገጽ ባለ ሱቁ በራሱ ስልክ ይክፈት። ከዚያ በገጹ ማስተካከያ ውስጥ Page access የሚለው ቦታ ገብቶ ልጁን ለሥራው በሚበቃው ፈቃድ ብቻ ያስገባው፦ እንዲለጥፍ፣ መልእክት እንዲመልስ። Full control የሚባለውን አይስጠው፣ ይኼን የያዘ ሰው ባለቤቱን ራሱን ማስወጣት ይችላልና። ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል አንድ ባለቤት ነው ያለው፣ እሱ ሱቁ ይሁን፣ ልጁ አስተዳዳሪ ይሁን። የቲክቶኩም ስልክ ቁጥር የሱቁ ይሁን።

ቁልፉ በእጃችሁ ሆኖም ቤቱ የእናንተ እንዳልሆነ አትርሱ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ አገር ውስጥ ተዘግተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያኔ የደንበኛውን ስልክ በደብተር የጻፈ ሰው ደውሎ ሸጧል። ስለዚህ የወር ክፍያው ያዘዙትን ሰዎች ስምና ስልክ በየወሩ ለባለ ሱቁ ማስረከብንም ይጨምር።

ክፍያው ውስጥ መግባት የሌለበት ደግሞ አለ። አንደኛው የማስታወቂያ ብር ነው፣ «ቦስት» የሚሉት። «12,000 ከነቦስቱ» የሚል ውል አትፈርሙ። ማስታወቂያው የሚከፈለው ዶላር በሚያወጣ ካርድ ነው፣ ብሩ ስንት ዶላር እንደሚሆን ደግሞ በምንዛሪው ይወሰናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ፣ «ከነቦስቱ» የፈረመ ሰው ማስታወቂያ ያን ያህል ቀጠነ። ለየብቻ ከሆነ ግን ለልጁ የድካሙን፣ ለማስታወቂያው የማስታወቂያውን ትከፍላላችሁ፤ ከማስታወቂያው ገጽ ላይ ስንት ዶላር እንደወጣ የሚያሳየውን ደረሰኝም ትጠይቃላችሁ። ደረሰኝ የማያሳይ ሰው ያላወጣውን ብር ነው የሚያስከፍለው ብትሉ አትሳሳቱም።

ሁለተኛው የተከታይ ብዛት ነው። «በወር 10,000 ፎሎወር እናመጣለን» የሚላችሁን በትሕትና አሰናብቱት። ተከታይ ይገዛል። የተገዛ መሆኑን ለማወቅ ገጹ ስለ ተከታዮቹ ከሚያሳየው መረጃ ውስጥ ከተሞቹን እዩ። ኬክ የምታደርሱት አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ ተከታዩ ስሙን ሰምታችሁት በማታውቁት አገር ከተማ ከሆነ፣ ገዝቷል። 30,000 ተከታይ ኖሮ አንዲት ፎቶ አራት ሰው ብቻ ከወደዳትም ያው ነው።

አሁን ባለ ሱቆች እየሳቃችሁ ይሆናል። ቆዩ፣ ለእናንተም አለኝ። ልጁን በ12,000 ብር ቀጥራችሁ ሜኑ እንዲሠራ፣ ባነር እንዲያሳትም፣ የእህታችሁን ሰርግ እንዲቀርጽ የምታዙት እናንተ ናችሁ። የዋጋ ዝርዝር ስጡን ሲሏችሁ «እኔን ይጠይቁኝ» ብላችሁ ስልክ የማታነሡት እናንተ ናችሁ። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ «ያቺን ፎቶ አውርዳት» ብላችሁ የምትደውሉት፣ የወሩንም ክፍያ በሚቀጥለው ወር አጋማሽ የምትከፍሉት እናንተው። የጨው ብዛትም የልጁ ኃላፊነት አይደለም። ኬኩ ካልጣመ መልስ መመለስ አያድነውም። እሱ ቃል ሊገባ የሚችለው ጠያቂ ሳይመለስለት እንዳይሄድ ነው እንጂ እንዲገዛ አይደለም።

ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ተቀምጣችሁ አራት ቁጥር ተነጋገሩ፦ ስንት ሰው ጠየቀ? ስንቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመለሰለት? ስንቱ አዘዘ? ስንቱ ሳይመለስለት ቀረ? «40,000 ሰው አይቶናል» የሚለውን ወረቀት አስቀምጡት። ዱቄት ቤቱ በተመልካች ብዛት ዱቄት አይሸጥም።

እትዬ 30,000ውን አልከፈለችም። በራሷ ስልክ አዲስ ገጽ ከፈተች፣ የመጀመሪያው ፎቶ የዚያኑ ቀን የወጣ ኬክ ነው፣ ዋጋው ሥሩ ተጽፏል። የምትመልስላት ልጅ ቀጥራለች፣ ውላቸው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ባለፈው ቅዳሜ ሱቋ ስገባ ያቺ በምረቃው ሰሞን ተቆጥታ የወጣችው ሴት ወረፋ ላይ ቆማለች። «እንዴት ተመለሽ?» አልኳት። «ጠየቅሁ፣ መለሱልኝ» አለችኝ።