«እርስዎ በሚመችዎ ጊዜ»፦ ትሕትና የሚመስል ሸክም

ተመራቂ ተማሪ ለአማካሪው የሚልከው የቀጠሮ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠናቀቃል፦ «እርስዎ በሚመችዎ ጊዜ ስለ ጥናቴ ቢያነጋግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ዓረፍተ ነገሩ ጨዋ ነው፤ ለታላቅ የሚገባውን አክብሮትም ይዟል። ይሁን እንጂ ጥያቄው የደረሰው መምህር ለመመለስ ሦስት ሥራዎችን ራሱ መሥራት ይኖርበታል። የሳምንቱን መርሐ ግብር ገልጦ ባዶ ሰዓት ይፈልጋል፤ ጉዳዩ የዐሥር ደቂቃ ይሁን የአንድ ሰዓት ይገምታል፤ አስቀድሞ ማንበብ የሚገባው ነገር ይኖር እንደሆነም ያስባል። ሌሎች ብዙ ደብዳቤዎች በሚጠብቁት ቀን እንዲህ ያለው ጥያቄ «ቆይቼ እመልሳለሁ» ተብሎ ይታለፋል። መምህሩ ተማሪውን ስለናቀ አይደለም፤ ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ ስላልሆነ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው፦ ለአማካሪ የሚቀርብ የስብሰባ ጥያቄ የተወሰኑ የጊዜ አማራጮችን፣ አጭር አጀንዳንና የሚወስደውን ጊዜ ሊይዝ ይገባል። ይህ ድፍረት ሳይሆን የአክብሮት ሌላ መልክ ነው፤ የማሰቡን ድካም ከተጠያቂው ላይ አንሥቶ በጠያቂው ላይ ያደርጋልና።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በግብርና ትምህርት ክፍል የምትማር አንዲት ተመራቂ፣ በጤፍ አጨዳ ወቅት ስለሚረግፈው እህል ታጠናለች እንበል። ዋና አማካሪዋ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፤ ረዳት አማካሪዋ በዋሽንግተን ይኖራሉ። ወሩ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ነው፤ አጨዳው በኅዳር ይጀመራል። አጨዳ ካለፈ በኋላ የረገፈውን እህል በማሳው ላይ መለካት አይቻልም፤ ቀጣዩ ዕድል የሚገኘው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ «በሚመችዎ ጊዜ» የሚለው ቃል መልስ ሳያገኝ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ዋጋው ሦስት ሳምንት ብቻ አይሆንም፤ አንድ የምርት ዘመን ነው። ተማሪዋ ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን ልትጽፈው የሚገባት ደብዳቤ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ክቡራን አማካሪዎቼ፣

በጤፍ አጨዳ ወቅት ስለሚረግፈው እህል በማካሂደው ጥናት፣ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጉዳዮች የእናንተን ውሳኔ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የ30 ደቂቃ የኢንተርኔት ስብሰባ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመወያያ ነጥቦች፦
1. ናሙናው ከሁለት ቀበሌ 40 ገበሬዎች ይሁን ወይስ ከአንድ ቀበሌ 40? በሁለቱ ቀበሌዎች አጨዳው በአንድ ሳምንት ሊገጣጠም ይችላል። (15 ደቂቃ)
2. የረገፈው እህል በማሳው ላይ ሸራ ተዘርግቶ ይለካ ወይስ በገበሬው ግምት ይወሰድ? (10 ደቂቃ)
የቀረው 5 ደቂቃ የተወሰነውን መልሶ ለማንበብ ነው።

አማራጭ ጊዜያት፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር፦
ሀ. ማክሰኞ ጥቅምት 25 (ኖቬምበር 4)፣ ከቀኑ 10፡30 እስከ 11፡00፤ በዋሽንግተን ጠዋት፣ በአገሩ አቆጣጠር 8፡30
ለ. ረቡዕ ጥቅምት 26 (ኖቬምበር 5)፣ ከቀኑ 11፡00 እስከ 11፡30፤ በዋሽንግተን ጠዋት፣ በአገሩ አቆጣጠር 9፡00
ሐ. ዓርብ ጥቅምት 28 (ኖቬምበር 7)፣ ከቀኑ 10፡30 እስከ 11፡00፤ በዋሽንግተን ጠዋት፣ በአገሩ አቆጣጠር 8፡30

የሚመቿችሁን ሁሉ በፊደላቸው እስከ ሰኞ ጥቅምት 24 ብትገልጹልኝ፣ የጋራውን ሰዓት በዚያው ዕለት ማታ አሳውቃለሁ። ሦስቱም ባይመቹ ለመጀመሪያው ነጥብ በጽሑፍ የሚሰጥ መልስ ሥራውን ያስቀጥላል። ሁለት ገጽ ማስታወሻ ተያይዟል።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አማራጮቹ ሦስት የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሰዓት ብቻ ቢቀርብ ጥያቄው መጥሪያ ይመስላል፤ ዐሥር ቢቀርብ ደግሞ ተጠያቂው ሠንጠረዥ ሲያነብ ይውላል። ሦስቱ በሦስት የተለያዩ ቀናት መሆናቸውም አስፈላጊ ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ያሉ ሦስት ሰዓታት ተጠያቂው በዚያ ቀን መንገድ ላይ ከሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ። ሁለት ተጠያቂዎች ባሉበት «የትኛው ይሻላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ስሕተት ነው። አንዱ «ሀ»ን፣ ሌላው «ሐ»ን ይመርጣሉ፤ ጥያቄውም እንደገና ይጀመራል። «የሚመቿችሁን ሁሉ» ሲባል ግን የጋራው ሰዓት ራሱ ይወጣል። ጠያቂዋ እስከ መልሱ ቀን ድረስ ሦስቱንም ሰዓታት ነፃ አድርጋ መጠበቅ አለባት፤ ያቀረበችውን ሰዓት ለሌላ የሰጠ ሰው አማራጭ አቅርቧል ሊባል አይችልም።

በአጀንዳው ላይ የሚታየው ዋና ነገር ነጥቦቹ በጥያቄ መልክ መጻፋቸው ነው። «ስለ ናሙና» ተብሎ ቢጻፍ ርእስ ነው፤ ውይይቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ማንም አያውቅም። «ከሁለት ቀበሌ ወይስ ከአንድ?» ሲባል ግን አማካሪው ገና ደብዳቤውን ሲያነቡ ማሰብ ይጀምራሉ፤ መልሱ ሲሰጥ ነጥቡ እንደተዘጋ ሁሉም ያውቃል። ተማሪዋ በመጀመሪያ ረቂቋ ሦስተኛ ነጥብ ነበራት እንበል፦ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚላከው የትብብር ደብዳቤ። ይህ ግን ፊርማ እንጂ ውይይት አይሻም፤ ስለዚህ ከአጀንዳው ወጥቶ ለብቻው ይላካል። አጀንዳን በጽሑፍ ማስፈር ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ፣ የትኛው ጉዳይ ስብሰባ እንደማያስፈልገው አስቀድሞ ማሳየቱ ነው።

የሚወስደው ጊዜ ከነጥቦቹ ድምር የሚወጣ እንጂ በግምት የሚጻፍ አይደለም። ዐሥራ አምስትና ዐሥር ሲደመሩ ሃያ አምስት ይሆናሉ፤ ቀሪው አምስት ደቂቃ ውሳኔው ተነቦ የሚጸድቅበት ነው። «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ጠይቆ ግማሽ ሰዓት መውሰድ ቀጣዩን ጥያቄ ያከብደዋል፤ መምህሩ ከዚያ በኋላ የዚያን ተማሪ አምስት ደቂቃ እንደ ግማሽ ሰዓት ይቆጥሩታልና።

ለኢትዮጵያውያን ጠያቂዎች ግን ከሁሉ የሚያሰጋው ሰዓቱን አጠራርቶ አለመጻፍ ነው። በአገራችን ሰዓትና በውጭው ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ስድስት በመሆኑ፣ የሥራ ሰዓታት እርስ በርሳቸው ይለዋወጣሉ። የጠዋቱ 3 ሰዓት በውጭው አጻጻፍ 9፡00 ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ደግሞ 3፡00 ነው። እንዲሁም 2 እና 8፣ 4 እና 10፣ 5 እና 11 ይለዋወጣሉ። አደጋው ሁለቱም ንባቦች በሥራ ሰዓት ውስጥ መውደቃቸው ነው። ስሕተቱ ሌሊት ላይ ቢጥል ኖሮ አንባቢው ይጠራጠር ነበር፤ «ማክሰኞ በ3፡00» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ግን በሁለቱም መንገድ ትክክል ይመስላል። አንደኛው ወገን ጠዋት ይጠብቃል፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ሁለቱም ቀጠሮው በሌላው እንደፈረሰ ያስባሉ። ስለዚህ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ፈጽሞ ሊለይ አይገባም፤ የአቆጣጠሩም ስም አንድ ጊዜ መጠቀስ አለበት።

ቀኑም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ጥቅምትን «ኦክቶበር» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጥቅምት 25 ቀን 2018 የሚውለው ኦክቶበር 25 ሳይሆን ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ነው። ይህን ስሕተት የሚይዘው ቀላል መሣሪያ የሳምንቱ ቀን ስም ነው። ጥቅምት 25 ማክሰኞ ነው፤ ኦክቶበር 25 ግን ቅዳሜ ነበር። «ማክሰኞ» የሚለው ቃል በደብዳቤው ላይ ካለ፣ የተሳሳተውን ወር የገለጠ አንባቢ ወዲያውኑ ይነቃል።

ሦስተኛው ወጥመድ የሰዓት ለውጥ ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በዓመት ውስጥ አትለውጥም፤ አብዛኛው አሜሪካ ግን ይለውጣል። በ2025 ለውጡ የተደረገው እሑድ ኖቬምበር 2፣ ማለትም ጥቅምት 23 ነበር። ተማሪዋ ደብዳቤውን በጻፈችበት ሐሙስ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነበረች፤ ስብሰባው በሚደረግበት ማክሰኞ ግን ልዩነቱ ስምንት ሆኗል። በሐሙሱ ልዩነት ብታሰላ ኖሮ፣ ማክሰኞ 11፡00 ላይ ስብሰባው ሲያበቃ ረዳት አማካሪዋ ገና ግማሽ ሰዓት ይቀራል ብለው ቡና ያፈሉ ነበር። ስሌቱ መሠራት ያለበት በሚጻፍበት ቀን ሳይሆን በሚገናኙበት ቀን ልዩነት ነው።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ ባህላዊ ነው። ታናሽ ለታላቅ ሰዓት መቁረጥ ነውር ነው የሚሉ አሉ። ስሜቱ መሠረት አለው፤ መልሱም የሚገኘው በአጻጻፉ ላይ ነው። ምርጫው በተጠያቂው እጅ እስካለ ድረስ፣ ሦስቱም ቢቀሩ ሌላ መንገድ እስከተተወ ድረስ፣ ሰዓት የተቆረጠበት ሰው የለም። ደጅ ጠንቶ በኮሪደር የሚጠብቅ ተማሪ ትሑት ይመስላል፤ ነገር ግን መምህሩን ሳይዘጋጁ ይይዛቸዋል፣ ምርጫም አይሰጣቸውም።

ይህ መንገድ ለሁሉም ጉዳይ አይሆንም። የታመመ ዘመድ ስላለው ጥናቱን ለማቋረጥ የሚያስብ ወይም ከአማካሪው ጋር የተቀያየመ ተማሪ ነገሩን በነጥብና በደቂቃ ከፋፍሎ ቢጽፍ ቅዝቃዜ ይሆንበታል፤ በዚያ ቦታ የስልክ ድምፅ ይሻላል። እንዲሁም ምንም ያህል የተስተካከለ ጥያቄ መልስ ለማይሰጥ ሰው መድኃኒት አይሆንም። የመልሱ ቀን ካለፈ ያለፉትን ሰዓታት ይዞ «ለማስታወስ ያህል» ማለት ዋጋ የለውም፤ አዲስ ሦስት ሰዓታት ያሉት አዲስ ደብዳቤ መጻፍ ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ኃላፊነት የትምህርት ክፍሎች ነው። የአማካሪና ተማሪ ግንኙነትን የሚመሩ ደንቦች ተማሪው ምን ያህል ጊዜ መቅረብ እንዳለበት ከሚናገሩት ጎን፣ በዚህ መልክ የቀረበ ጥያቄ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ቢያንስ በአንድ ፊደል እንዲመለስ ቢያስቀምጡ መልካም ነው። ጠያቂው ድካሙን ከወሰደ በኋላ የሚጠበቀው መልስ ከ«ሀ»፣ «ለ» ወይም «ሐ» አይበልጥም፤ ጤፉ ግን ከኅዳር አያልፍም።