የመመለሻው ትራንስፖርት ይቅደም
ቤተሰብ ለሴሚስተሩ ብሎ አንዴ የሚልከው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው ባይ ነኝ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርምና ካፌ በወጪ መጋራት ይሸፈናሉ፤ የሎከር ቁልፍ፣ አንሶላ፣ ባልዲ፣ ሳሙናና ፎቶ ኮፒ ግን እጅ በእጅ ይከፈልባቸዋል። ለ16 ሳምንት 6,000 ብር ይዞ የመጣ ተማሪ እንውሰድ። ብሩን ለአራት ወር አካፍሎ «በወር 1,500 አለኝ» ካለ ገና ከጅምሩ ተሳስቷል። መጀመሪያ የመመለሻው ትራንስፖርት፣ 1,200 ብር እንበል፣ ተነጥሎ ይቀመጥ። ለመነሻ ወጪ 1,600 ቢይዝ 3,200 ይቀረዋል፤ በሳምንት 200 ብር ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ መነሻው ላይ የተረፈች እያንዳንዷ ብር ዋጋ አላት። በተለይ ሀንድአውት ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ መምህሩ ክፍል ገብቶ ኮርስ አውትላይኑን ሳይሰጥ የአምናውን ሁሉ ኮፒ ያስደረገ ተማሪ፣ መምህር ሲቀየር እንደገና ይከፍላል። አንሶላና ባልዲም ቢሆን ከተመራቂዎች በርካሽ ይገኛል። ሳምንታዊው 200 ብር ሰኞ ሰኞ ከባንክ ወደ ቴሌብር ይዛወር፣ ሌላው አይነካ። በተከታታይ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ላይ ካለቀ ግን ሒሳቡ አልሠራም ማለት ነው፤ ያኔ ሱቅ ሄዶ ዱቤ ከመጀመር በፊት ለቤት ደውሎ እውነቱን መንገር ይሻላል። ወላጆችም ብትችሉ ገንዘቡን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ከሚድ ፈተና በኋላ ላኩ።