ከአሥር እርምጃ የማይነበብ ባነር

ከአረካ አካባቢ ዳጣና ዝንጅብል ይዞ ሶዶ ባዛር ላይ የቀረበ አንድ ማኅበር፣ ጎብኚው ሳይቆም ሲያልፍ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን የሚፈልገው ከዋጋው ላይ ነው። ዋጋውን ግን ጎብኚው ገና አልጠየቀም። እንዲያውም ጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለ አላወቀም። ችግሩ ያለው ከጀርባ በተሰቀለው ባነር ላይ ነው።

በተለመደው አሠራር 3 ሜትር ርዝመት ባለው ባነር ላይ በቅድሚያ የሚሰፍረው የአዘጋጁ መሥሪያ ቤት ስምና የባዛሩ መፈክር ነው። ቀጥሎ የማኅበሩ ሙሉ ሕጋዊ ስም፣ ሦስት የስልክ ቁጥርና አራት ፎቶግራፍ ይደረደራሉ። የሚሸጠው ዕቃ ስም ከታች፣ ጠረጴዛው በሚጋርደው ቦታ ላይ ይቀራል።

ይህን በሂሳብ ማየት ይቻላል። አሥር እርምጃ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። አንድ የአማርኛ ፊደል ከነክፍተቱ የሚይዘው ስፋት በግምት የቁመቱ ዘጠኝ አሥረኛ ነው ይባል። «የወላይታ ዳጣና ዝንጅብል» የሚለው 13 ፊደልና 2 ክፍተት፣ በድምሩ 15 ቦታ ይፈልጋል። ፊደሉ 20 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም ጽሑፉ 2.70 ሜትር ይሆንና 3 ሜትር ባነር ላይ በልኩ ይገባል። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው ጅራት ግን ብቻውን 20 ቦታ ይወስዳል። ሁለቱ በአንድ መስመር ይጻፉ ቢባል ፊደሉ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

ስምንት ሳንቲ ሜትር ለላቲን ፊደል ይበቃ ይሆናል። በግዕዝ ፊደል ግን «ሉ»ን ከ«ሊ»፣ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ሰው እየተራመደ ሲያይ መጀመሪያ የምትጠፋውም እርሷ ናት። ስለዚህ ሕጋዊው ስምና ስልኩ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ካርድ ይስፈሩ። ባነሩ የዕቃውን ስም ብቻ ይሸከም።

ቁመቱም ያው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠረጴዛው ፊት ሦስት ሰው ቢቆም ከ1.70 ሜትር በታች ያለው ሁሉ ይጋረዳል። ጽሑፉ ከመሬት 1.80 ሜትር በላይ መዋል አለበት። ባነሩም 1 ሜትር ቁመት አያስፈልገውም፤ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ማተሚያ ቤቱ የሚያስከፍለው በካሬ ሜትር ከሆነ፣ ከ3 ካሬ ወደ 1.8 ካሬ መውረዱ ለማኅበሩ ትርፍ ነው። ከላይና ከታች የእንጨት ዘንግ ካልገባበት ግን ንፋስ ሲያጣጥፈው እጥፋቱ ፊደል ይበላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። ጎብኚው ወደ ጠረጴዛው ፊት ለፊት አይመጣም፤ በመተላለፊያው ከጎን ነው የሚመጣው። መተላለፊያው 3 ሜትር፣ ባነሩም ከጠረጴዛው ኋላ ቢሆን፣ ከ7 ሜትር ርቀት የባነሩ ወርድ ለዓይን ከግማሽ በታች ይጠብባል። ስለዚህ ከድንኳኑ ምሰሶ ወደ መተላለፊያው ብቅ ብሎ የሚንጠለጠል፣ በሁለቱም ገጽ «ዳጣ» የሚል ትንሽ ሰሌዳ ከትልቁ ባነር የበለጠ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

በጠረጴዛው ላይ የወላይታን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሽንትር ያለው ጨርቅ ማንጠፍ የተለመደ ነው። ጨርቁ ያምራል፤ ከየት እንደመጡም ይናገራል። ነገር ግን ቀይ ዳጣ የያዘ ብልቃጥ በቀይ ሽንትር ላይ ሲቀመጥ ይጠፋል፤ በጨርቁ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍም አይነበብም። ሽንትሩ በጠረጴዛው ፊት እስከ መሬት ይውረድ፤ ዕቃው የሚቀመጥበት ገጽ ግን ነጭ ይሁን። ከነጩ ጨርቅ ሥር ካርቶን ገብቶ የኋላው ረድፍ 30 እና 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ብልቃጦቹ እርስ በርስ አይጋረዱም። በአንድ ጥግ ላይ የተከመረ አንድ ቅርጫት እርጥብ ዝንጅብል ከአሥር ትናንሽ ሳህን ይልቅ ከሩቅ ይታያል።

ባነሩ ከመታተሙ በፊት የሚሞከርበት ርካሽ መንገድ አለ። ንድፉ በ21 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ ማለትም በተራ ኤ-4 ወረቀት ወርድ ይታተም። ከግማሽ ሜትር ርቀት ሲታይ፣ 3 ሜትሩ ባነር ከ7 ሜትር የሚታየውን ያህል ሆኖ ለዓይን ይቀርባል። ስለ ማኅበሩ የማያውቅ ሰው ለሦስት ሰከንድ ብቻ ይየው፤ ከዚያ ወረቀቱ ይገልበጥ። ምን እንደሚሸጥ መናገር ካልቻለ ንድፉ ወደ ጠረጴዛ መመለስ አለበት።

አዘጋጆችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። መፈክሩና የመሥሪያ ቤቱ ስም በባዛሩ መግቢያ በር ላይ አንድ ጊዜ በጉልህ ቢጻፍ ይበቃል። የእያንዳንዱ ማኅበር ባነር ግን ለዕቃው ይተው፤ ለጥቂት ቀናት ገበያ ብሎ ሥራውን ዘግቶ የመጣው ማኅበሩ ነውና።