ማሽኑን የሚያስቆም ዓረፍተ ነገር

ለቦይ ቁፋሮ በሚዘጋጅ የደኅንነት ዕቅድ ውስጥ፣ የስጋት ግምገማ በሚባለው ሠንጠረዥ፣ አንድ ረድፍ አይጠፋም። በአደጋው ዓምድ «ከመሬት በታች ያሉ ነባር መስመሮች» ይላል። በመከላከያው ዓምድ ደግሞ «በነባር መስመሮች አካባቢ ሲቆፈር አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረጋል፤ በእጅ ይቆፈራል» ይላል። ከጎኑ ቁጥር አለ፦ የመድረስ ዕድል 4፣ የጉዳት መጠን 5፣ ብዜቱ 20። ከመከላከያው በኋላ ዕድሉ ወደ 2 ይወርድና ብዜቱ 10 ይሆናል። ቀይ የነበረው ሳጥን ቢጫ ይሆናል፤ ኮንትራክተሩ ይፈርማል፣ አማካሪው ያጸድቃል፣ ቁፋሮው ይጀመራል።

ዕድሉን ከ4 ወደ 2 ያወረደው ምንድን ነው? ሠንጠረዡን ደጋግመን ብናነብ ከ«ጥንቃቄ» በቀር መልስ አናገኝም። ማን እንደሚጠነቀቅ፣ በምን መሣሪያ፣ ከመስመሩ ስንት ሜትር ርቆ፣ ምን ሲያይ ሥራውን እንደሚያቆም አልተጻፈም። ስለዚህ ኬብል የተቆረጠ ወይም ሰው የተጎዳ ዕለት ጥፋቱ የሚያርፈው «ባልተጠነቀቀው» ላይ ነው፤ እሱም ቦዩ ውስጥ የነበረው የቀን ሠራተኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የደኅንነት እርምጃ የመውሰዱን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ሆኖ ሳለ፣ የዕቅዱ አጻጻፍ ግዴታውን ቀስ አድርጎ ወደ ቦዩ ግርጌ ያወርደዋል። የምከራከረው ለዚህ ነው፦ የስጋት ግምገማ ዓረፍተ ነገር ዋጋ የሚኖረው፣ ፎርማኑ ሌላ ማስረጃ ሳይፈልግ በእሱ ብቻ ተመርኩዞ ኤክስካቫተሩን ማስቆም ሲችል ነው። ያንን የማያስችል ዓረፍተ ነገር ቁጥር ሊቀንስ አይገባውም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ይህ ጉዳይ ከሌላ ቦታ ይልቅ የሚከብድባቸው ከተሞች ናቸው። ሦስቱም ከአዲስ አበባ በሚወጡ አውራ ጎዳናዎች ላይ የተቀመጡ ናቸው፦ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። ረጃጅም መስመሮች ደግሞ የሚከተሉት የመንገድ ዳርን ነው። የቴሌ ፋይበር፣ የፋብሪካ የኃይል ኬብል፣ የከተማው የውኃ ማከፋፈያ፣ ነዋሪው ራሱ ያስገባው ቀጭን ቧንቧ፣ ሁሉም በዚያች ጠባብ የመንገድ ትከሻ ይሻማሉ። ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውኃ ሲያቀርብ ስለኖረ፣ በአካባቢው ለዋና ከተማዋ የሚሄድ ትልቅ ቧንቧና ለነዋሪው የሚዳረስ ትንሽ ቧንቧ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ባለቤታቸውም አንድ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከተሞቹ በሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። አንድ መሬት ሊቆፍር የተነሣ ሰው ግን የመስመሮቹን ሥዕል የሚጠይቀው አሁንም ከየመሥሪያ ቤቱ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቦታውን የቡራዩ የመንገድ ዳር አድርገን፣ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከ60 ጥልቀት ያለው የውኃ መስመር ቦይ ይቆፈራል እንበል። ከመነሻው 120ኛው ሜትር አጠገብ ወደ አንድ ፋብሪካ የሚገባ የ15 ኪሎ ቮልት ኬብል ቦዩን ያቋርጣል። ሥዕሉ ኬብሉ 90 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ መሆኑን ያሳያል። ዕቅዱን የሚጽፈው ሰው ይህን ቁጥር ይወስድና «እስከ 70 ሴንቲ ሜትር በማሽን፣ ከዚያ በኋላ በእጅ» ብሎ ይጽፋል። ዓረፍተ ነገሩ ቁጥር ስላለው ጥሩ ይመስላል። አደገኛነቱም እዚያው ላይ ነው።

90 ሴንቲ ሜትር የተለካው ኬብሉ በተቀበረበት ቀን ከነበረው የመሬት ገጽ ነው። እነዚህ ከተሞች ግን መንገዳቸው የሚሰፋ፣ ኮረብታው የሚቆረጥ፣ ረግረጉ የሚሞላ ነው። የመንገዱ ትከሻ 50 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ከሆነ ኬብሉ ዛሬ ያለው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ የማሽኑ ባልዲ ገና «በተፈቀደለት» ጥልቀት ውስጥ ሆኖ ይደርስበታል። ስለዚህ ጥልቀት በዓይን እስኪታይ ድረስ በዕቅዱ ላይ «አይታወቅም» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ የሥዕሉ ቁጥር ለፍለጋ መነሻ ከመሆን አያልፍም። የኬብል መፈለጊያ መሣሪያም ቢኖር ሙሉ መልስ አይሰጥም። በኬብሉ ውስጥ በሚያልፈው ኃይል ብቻ የሚፈልግ ከሆነ፣ ፋብሪካው ሥራ ባቆመበት ሰዓት ኃይል የማይወስድን ኬብል ሊስተው ይችላል፤ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧን ደግሞ ጭራሽ አያየውም። «በመሣሪያ ተፈትሿል» የሚል ሐረግ ብቻውን ሲጻፍ ይህን ሁሉ ይደብቃል። ምን እንደተፈለገና በምን ሁኔታ እንደተፈለገ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ሐረግ፣ «በእጅ ይቆፈራል» የሚለው፣ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ይህ አነጋገር ከውጭ መመሪያዎች የተወሰደ ነው። በብሪታንያ ለዚህ ሥራ የሚሠራበት ኤችኤስጂ 47 የተባለው መመሪያ የእጅ ቁፋሮን ሲመክር በሐሳቡ ያለው አካፋ ነው፤ ዶማና ሹል መሣሪያ በመስመር አጠገብ እንዳይመረጥ ያስጠነቅቃል። እኛ ዘንድ ግን ቁፋሮው የሚበዛው በበጋ ነው። በሰበታና በሱሉልታ ሜዳ ጥቁሩ መረሬ አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ እንደ ድንጋይም ይጠነክራል። አካፋ አይገባውም። «በእጅ ቆፍሩ» ሲባል ሠራተኛው የሚያነሣው ድጅኖ ነው፤ ረጅም ብረት፣ በሁለት ባዶ እጅ ተይዞ ከላይ ወደ ታች በሙሉ ኃይል የሚወረወር። ከማሽኑ ባልዲ ይልቅ የኬብልን ሽፋን ለመብሳት የሚመቸው ይህ ነው። ልዩነቱ ኦፕሬተሩ ጎማና ብረት ለብሶ ከላይ ተቀምጦ ሳለ ባለ ድጅኖው ራሱ ከኬብሉ ጋር በብረት መገናኘቱ ነው። በወረቀቱ ላይ ስጋቱ ከ20 ወደ 10 የወረደው በዚህ እርምጃ ነበር።

እንግዲህ ያንኑ ረድፍ እንደገና እንጻፈው። «በ120ኛው ሜትር አጠገብ የ15 ኪሎ ቮልት ኬብል ቦዩን ያቋርጣል። መኖሩ የታወቀው ከሥዕል ነው፤ በዓይን አልታየም፤ ጥልቀቱ አይታወቅም። ኬብሉ በመፈተሻ ጉድጓድ እስኪታይ ድረስ ከ117ኛው እስከ 123ኛው ሜትር ኤክስካቫተር አይቆፍርም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃይሉን ማቋረጡን በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ ድጅኖና ዶማ ወደዚህ ክልል አይገቡም። ቁፋሮው ከኬብሉ ጎን ተጀምሮ ወደ ኬብሉ በአግድም ይጠጋል፤ ከላይ ወደ ታች አይመታም። የማስጠንቀቂያ ሪባን፣ የጡብ ወይም የኮንክሪት ክዳን፣ ወይም ከአካባቢው አፈር የተለየ አሸዋ ከታየ ሥራው ይቆማል። መልሶ የሚያስጀምረው ሳይት ኢንጂነሩ ብቻ ነው።» ረጅም ነው፤ ግን ማንኛውም ፎርማን ይዞት ቦዩ ዳር ሊቆም ይችላል። ሪባኑና አሸዋው የተጠቀሱት ኬብል ሲቀበር በአሸዋ ተከብቦ ከላዩ ማስጠንቀቂያ ስለሚደረግለት ነው። በመረሬ መካከል ድንገት የታየ አሸዋ አንድ ሰው ከዚህ በፊት እዚያ ቆፍሮ እንደነበር ይናገራል።

ለፋይበሩ ይኸው ዓረፍተ ነገር መገልበጥ የለበትም። ፋይበር ሰው አይገድልም፤ ቢቆረጥ ከተማ ከኔትወርክ ይወጣል። «ነባር መስመሮች» የሚለው አንድ ስም ሁለቱን በአንድ ረድፍ ሲጠቀልላቸው ግምገማው ለየትኛው እንደሚያስብ አይታወቅም።

ከውኃ ቧንቧ ጋር ደግሞ የርቀት ሕግ ራሱ የሚከሽፍበት ቦታ አለ። ቧንቧው በሚታጠፍበት ቦታ ውኃው መታጠፊያውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የ300 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በ6 ባር ግፊት 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ግፊያው ወደ 60 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ስድስት ቶን ያህል ክብደት ነው። ይህን የሚሸከመው መሐንዲሶች ትረስት ብሎክ የሚሉት የኮንክሪት ድጋፍ ሲሆን፣ ኮንክሪቱን የያዘው ደግሞ ከጀርባው ያለው ያልተነካ አፈር ነው። አዲሱ ቦይ ከብሎኩ ጀርባ በኩል ካለፈ ማንም ቧንቧውን ሳይነካው፣ «ከቧንቧው አንድ ሜትር ይራቃል» የሚለው ሕግም ሳይጣስ፣ ብሎኩ ሊንሸራተትና መገጣጠሚያው ሊላቀቅ ይችላል። ያን ጊዜ ቦዩ ውስጥ ላለው ሰው የሚመጣበት የውኃው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ የራሰው የቦይ ግድግዳም አብሮ ይናዳል። ብሎኩ የት ሊኖር እንደሚችል መገመት ይቻላል፦ የቧንቧው አቅጣጫ በሚቀየርበት፣ ቅርንጫፍ በሚወጣበት ወይም መስመሩ በሚያልቅበት ቦታ ሁሉ ብሎክ እንዳለ ይታሰባል። ዕቅዱም እንዲህ ማለት አለበት፦ «በመታጠፊያ፣ በቅርንጫፍና በመስመር መጨረሻ አጠገብ፣ የቧንቧው ባለቤት ግፊቱን ሳይቀንስ ወይም ጊዜያዊ ድጋፍ ሳይሠራ ከብሎኩ ጀርባ ቁፋሮ አይካሄድም።»

እዚህ ላይ ልምድ ያላቸው የሳይት ሰዎች አንድ ተገቢ ተቃውሞ ያነሣሉ። ይህን ሁሉ ብንጽፍ ማን ይከፍላል? ኤክስካቫተሩ በሰዓት የተከራየ ነው፤ ሲቆምም ይቆጥራል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ዓረፍተ ነገሩን ማለስለስ አይደለም። የመፈተሻ ጉድጓድ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ በቁጥር የሚከፈልበት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ካልገባ፣ መስመሩ እስኪታይ የሚባክነው የማሽን ሰዓትም በውሉ ካልታሰበ፣ የደኅንነት ዕቅዱ የሚያዝዘውን ውሉ ይቀጣል ማለት ነው። ስለዚህ ዕቅዱን የሚያጸድቀው አማካሪ ሠንጠረዡን ከሥራ ዝርዝሩ ጎን አስቀምጦ፣ ለእያንዳንዱ «ሥራው ይቆማል» የሚከፈልበት መስመር መኖሩን ማየት አለበት። ከሌለ ቁጥሩ 20 እንደሆነ ይቆይ፤ ቀይ ሳጥን ለአሠሪው መሥሪያ ቤት እውነቱን ይነግረዋል።

ሌላው ተቃውሞ ሠራተኛው ሰነዱን አያነብም የሚል ነው። እርግጥ ነው፤ ሰነዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቦዩ ውስጥ የሚሰማው አፋን ኦሮሞና አማርኛ፣ ከደቡብ የመጡትም የየራሳቸው ቋንቋ ነው። ለሠራተኛው የሚደርሰው የስጋት ግምገማ ፎርማኑ ጠዋት ቆሞ የሚናገረው ነው። «አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረጋል» በየትኛውም ቋንቋ ቢነገር «ተጠንቀቁ» ከመሆን አያልፍም። «ከዚህ ካስማ እስከዚያ ካስማ ድጅኖ አይገባም፤ አሸዋ ካያችሁ ጥሩኝ» ግን በሁሉም ቋንቋ ያው ነው፤ ካስማዎቹም መሬት ላይ ተተክለው ይታያሉ።

የመፈተሻ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ኬብሉ በ45 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተገኘ፣ በዚያው ቀን ረድፉ ይቀየራል። «ከሥዕል የታወቀ» የሚለው ተሰርዞ «በዓይን የታየ» ይሆናል፤ ቀኑ፣ ጥልቀቱና ከመንገዱ ጠርዝ ያለው ርቀት ይጻፋል፤ ቅጂውም ለኬብሉ ባለቤት ይላካል። የመድረስ ዕድሉን ከ4 ወደ 2 ማውረድ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።