«እንጨምርልሽና አትሂጂ» ለሚል አለቃ የሚጻፍ መልስ

ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ማታ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ልክ አይደለም። «ቲቸር፣ ሥራ ልለቅ ደብዳቤ አስገብቼ ነበር፤ አሁን ጋሼ ጠርተው ደመወዝ እንጨምርልሽ አሉኝ። እምቢ ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን እንዴት ብዬ እንደምጽፍላቸው ጠፋኝ» አለችኝ። ጋሼ የምትላቸው ሥራ አስኪያጇን ነው። ስሟንና መሥሪያ ቤቷን ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ብዙዎቻችሁ እዚህ ቦታ ላይ ቆማችሁ ስለምታውቁ፣ ወይም ነገ ስለምትቆሙ፣ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት ሠርታለች። ያልተጣራ ደመወዟ 32,000 ብር ነው። አንድ የኦዲት ድርጅት በ38,000 ብር ቀጠራትና ሰኔ 2 የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባች። ዓርብ ሰኔ 5 ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠርተው «42 ሺህ እናደርግልሻለን፣ ከሐምሌ ጀምሮ» አሏት። ካውንተር ኦፈር የሚባለው ይሄ ነው። ከአዲሱ መሥሪያ ቤት ይበልጣል። ቀጥለውም «እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው የማይሽ፤ ከትምህርት ቤት ወጥተሽ ምንም ሳታውቂ የቀጠርኩሽ እኔ ነኝ» አሏት።

ያስጨነቃት ብሩ አይደለም፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ይሉኝታ።

መጀመሪያ ብሩን ከመንገድ እናውጣው፣ የሒሳብ ሰዎች አይደለን። በአሁኑ የገቢ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል፤ ሠራተኛው የሚያዋጣው ጡረታ ደግሞ 7 በመቶ ነው። ስለዚህ የ10,000 ብር ጭማሪ እጇ ላይ ሲደርስ 5,800 ብር ነው። አዲሱ ሥራ የሚጨምርላት 6,000 ብርም በተመሳሳይ ስሌት 3,480 ይሆናል። እምቢ ስትል የምትተወው በወር 2,320 ብር ነው ማለት ነው። ትንሽ ብር አይደለም፤ ግን «42 ሺህ» ሲባል ጆሮ ላይ እንደሚያስተጋባው ያህልም አይደለም። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ሳትጽፉ መልስ አትጻፉ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋት፦ «የምትሄጂበት ነገር አለቃሽ እጅ ውስጥ አለ ወይ?» እሷ ኤሲሲኤ እየተማረች ነው። ለአባልነት 36 ወር ተዛማጅ የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ እሷ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ደመወዝ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና የባንክ ማስታረቂያ ስትሠራ ኖራለች። ኦዲት መማር ትፈልጋለች። አስመጪው ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ኦዲት ግን የለውም። መልሱ «የለም» ከሆነ ጭማሪው የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። ልብ በሉ፣ ካውንተር ኦፈር ሁሉ ወጥመድ ነው አላልኩም። የምትለቁት ደመወዝ ስላነሰ ብቻ ከሆነና ጭማሪው ከሚጀምርበት ቀን ጋር ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት ከተሰጣችሁ፣ ተቀበሉ፤ ነውር የለውም። የእሷ ጉዳይ ግን ያ አይደለም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። የላከችልኝ ረቂቅ ሁለት ገጽ ነበር። አንብቤ ሳቅሁም፣ አዘንኩም። «ለጊዜው ልቀበለው አልቻልኩም»፣ «የሥራ ሰዓቱ ስለበዛብኝ»፣ «የዕድገት ደረጃው ግልጽ ባለመሆኑ»፣ «አዲሱ ድርጅት ለቤቴ ቅርብ በመሆኑ»፣ «ቅር እንደማይሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ»። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ምክንያት በር ነው። አለቃው ሰዓቱን እናሳጥራለን ሊሉ ይችላሉ፤ ሲኒየር አካውንታንት እናደርግሻለን ሊሉ ይችላሉ፤ ሰርቪስ እንመድባለን ሊሉ ይችላሉ። ያኔ ምን ልትል ነው? ምክንያቶቿ ሁሉ ከተመለሱላት በኋላ እምቢ ስትል ውሸታም ትመስላለች። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል ደግሞ የባሰች ናት። እሷ ለትሕትና ጻፈቻት፤ አለቃ ግን «ትንሽ ጨምሩ» ብሎ ያነባታል።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ማስተማሩን ትቼ በአንድ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ በነበርኩ ጊዜ አንድ ጎበዝ ልጅ ሐምሌ ላይ መልቀቂያ አስገባብኝ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሒሳብ መዝጊያው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ የግብር ማስታወቂያው ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ነው። እሱ ከሄደ ጉድ ሆኜ ነበር። የጻፈልኝን ረጅም ምክንያት አንድ በአንድ እያነሳሁ መለስኩለት፣ ደመወዝ አስጨመርኩለት፣ ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያው ሳምንት ለሰው ሀብት ክፍል «በእሱ ቦታ ሰው ፈልጉ» ብዬ ነበር። ክፋት አልመሰለኝም፤ አንዴ ልሂድ ያለ ሰው ነገም ይሄዳል ብዬ ነው። ጥቅምት አለፈ፣ ግብሩ ተከፈለ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሥራ ሲመጣ ለሌላ ሰው መስጠት ጀመርኩ። ልጁ ጥር ላይ ለቀቀ፤ ያኔ ጠርቶት የነበረው መሥሪያ ቤት ሌላ ሰው ከቀጠረ ቆይቶ ነበር። እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። የጨመርኩለት ብር ለሦስት ወር ጊዜ የከፈልኩት ዋጋ ነበር፤ እሱ ግን የዓመታት ተስፋ አድርጎ ነው የተቀበለው።

ስለዚህ ለተማሪዬ «ሁለቱን ገጽ ቅደጂው» አልኳት። እሑድ ተቀምጠን ይህን ጻፍን፦

ቀን፦ ሰኔ 8
ለሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ ለቀረበልኝ የደመወዝ ጭማሪ መልስ ስለመስጠት

ዓርብ ሰኔ 5 ቀን ደመወዜ ወደ 42,000 ብር ከፍ እንዲል ያቀረቡልኝን ሐሳብ በጥሞና አስቤበታለሁ። ለሥራዬ ስለሰጡት ዋጋ፣ እንዲሁም ያለ ልምድ ቀጥረው ላለፉት አራት ዓመታት ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሆኖም ጭማሪውን የማልቀበል መሆኔንና ሰኔ 2 ቀን ባስገባሁት የሥራ መልቀቂያ መጽናቴን በአክብሮት እገልጻለሁ። ውሳኔዬ የመጨረሻ ነው። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ሐምሌ 2 ይሆናል።

እስከዚያው የግንቦትን የባንክ ማስታረቂያ፣ የሰኔን የደመወዝና የጡረታ መዝገብ፣ እንዲሁም ያልተዘጉ የአቅራቢዎች ሒሳቦችን ዝርዝር አጠናቅቄ በጽሑፍ አስረክባለሁ። ተረካቢው እስከ ሰኔ 15 ቢመደብልኝ አብረን የምንሠራበት በቂ ጊዜ ይኖረናል።

ከአክብሮት ጋር
ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት አስተዳደር

በቃ። አንድ ገጽ አይሞላም።

ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሌለም እዩ። ምክንያት የለም። የአዲሱ ድርጅት ስም የለም፣ ደመወዙም የለም። «ይቅርታ» የለም፤ ያጠፋችው ነገር የለማ! ምስጋናው ግን ባዶ አይደለም። ያለ ልምድ እንደቀጠሯት በጽሑፍ መሰከረችላቸው። ውለታ የሚከፈለው በምስጋናና በደህና ርክክብ ነው፤ ዕድሜ ልክ በመቆየት አይደለም። ይሄ ነው ዛሬ ልላችሁ የፈለግሁት ዋና ነገር።

ቀኑን ለምን ደገምነው? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ማስጠንቀቂያው ከተሰጠ ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ነው። ሰኔ 2 አስገባች፣ ከሰኔ 3 ሲቆጠር ሐምሌ 2 ሠላሳ ይሞላል። በካውንተር ኦፈር ወሬ መሐል ይህ ቀን ይደበዝዛል፤ «እያሰበችበት ነው» ይባልና ድንገት «መቼ አሳወቅሽን?» ይመጣል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የሄደ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፤ የሚቆረጠውም ከሚቀረው ክፍያ ላይ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ፣ የእናንተን ቅጂ «ደርሷል» አስብላችሁ ማኅተምና ቀን አስደርጉበት። የሥራ መሪ ከሆናችሁ ግን ይህ አዋጅ አይመለከታችሁም፤ ውላችሁን አውጥታችሁ እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ደብዳቤው ቀድሞ አይሂድ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ቢሮ ገብታ በአፏ ነገረቻቸው፤ ከዚያ ሰጠቻቸው። አራት ዓመት አብሯችሁ የሠራ ሰው እምቢታን ከመዝገብ ቤት አይስማው።

ምን ሆነ? አንብበው ዝም አሉ። ሁለት ቀን ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። ረቡዕ ጠርተው «42 አንሶሽ ነው? 45 ላድርገው?» አሏት። እግሯ እንደተንቀጠቀጠ ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ስለ ብሩ ብሆን በደብዳቤው እጽፈው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፤ መልሴ እዚያ ላይ ያለው ነው» አለች። «ሰዓቱ ነው? ሰው ነው ያስቀየመሽ?» ብለው ሞከሩ። የሚይዙት ነገር ስላልነበረ ንግግሩ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ተረካቢው ሰኔ 15 አልመጣም፤ ሰኔ 23 ነው የተመደበው። እሷ ግን ቀኑን ጠብቃ እየጻፈች ስለነበር ሐምሌ 2 ርክክቡን አስፈርማ ወጣች። የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ወሰደች፤ ሠራተኛ ሲለቅ ያለ ክፍያ ሊሰጠው የሚገባ ነው፣ ልመና አይደለም። ቀሪ ደመወዟና ያልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃድ ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል ነበረበት፤ ትንሽ አዘግይተው ከፈሏት።

ጋሼ በር ድረስ አልሸኟትም። የሥራ ልምዷን ግን ራሳቸው ናቸው የፈረሙት። ከምስጋናዋ ጋር የሰጠቻቸው ያ ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገ አንድ ሰው ደውሎ ስለ እሷ ቢጠይቃቸው ትዝ የሚላቸው እሱ ነው።

እስቲ እናንተስ? እንጨምርላችሁ ተብላችሁ የቀራችሁ አላችሁ? እንዴት እንደሆነላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ደህና የሆነላችሁም፣ ያልሆነላችሁም።